«ማንኛውንም እንጠግናለን» ወይስ አንድ ሥራ? ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

በየሰፈሩ «ማንኛውንም የኤሌክትሪክ ዕቃ እንጠግናለን» የሚል ታፔላ አይጠፋም። ከታፔላው ሥር የተቀመጠው ባለሙያ ግን ብዙ ጊዜ የሚለው አንድ ነው፦ ሥራው አለ፣ ብሩ ግን የት እንደሚገባ አይታወቅም። እንዲህ ካሉ ባለሙያዎች ደጋግመው የሚነሱ ጥያቄዎችን እዚህ መልሰናል። ነገሩ በጥቅሉ እንዳይቀር አንድ ምሳሌ ይዘን እንዘልቃለን። አዲስ አበባ ውስጥ፣ ሳሪስ አካባቢ ትንሽ ሱቅ ያለው ኤሌክትሪሺያን አስቡ። ቴሌቪዥንም፣ ካውያም፣ ፍሪጅም ይሠራል። አሁን ግን እንጀራ ጋግረው ለምግብ ቤትና ለሱቅ የሚያስረክቡ ሰዎችን የኤሌክትሪክ ምጣድ ብቻ ልያዝ ይሆን እያለ ያስባል። የብር መጠኖቹ ለስሌት ያህል የገቡ ናቸው። በየሰፈራችሁ ዋጋ ቀይሯቸው፤ የስሌቱ መንገድ ግን ያው ነው።

ሁሉንም ብሠራ ብዙ ደንበኛ አላገኝም ወይ? ለምን ራሴን አጠባለሁ?

ደንበኛ ታገኛላችሁ። ጥያቄው ከእያንዳንዱ ደንበኛ ምን ይተርፋል ነው።

የባለሙያችንን አንድ ቀን እንመልከት። ጠዋት ቴሌቪዥን ይመጣል። ከፍቶ ግማሽ ቀን ይፈልጋል። የተበላሸው ካርድ ሱቁ ውስጥ የለም፤ መርካቶ መሄድ አለበት። ሄዶ ዋጋ ጠይቆ ሲደውል ባለቤቱ «ከዚህስ አዲስ እገዛለሁ፣ ተወው» ይላል። የግማሽ ቀን ልፋትና የታክሲ ሂሳብ እዚያው ቀረ። ከሰዓት ፍሪጅ፣ ማታ ካውያ። እያንዳንዱ የራሱ ብልሽት፣ የራሱ መለዋወጫ፣ የራሱ ዋጋ አለው። መለዋወጫ ሁሉ አይገዛም፤ ስለዚህ ሁልጊዜ የሚጎድል ነገር አለ።

የኤሌክትሪክ ምጣድ ግን ውስጡ ቀላል ነው። ከሸክላው ሥር በቦይ የተቀመጠ የሚሞቅ ሽቦ፣ ሽቦውን የያዘ ጀሶ፣ ገመድ፣ ማብሪያ ማጥፊያና ስፒና፤ በቃ። 220 ቮልት ላይ 3,500 ዋት የሚስብ ምጣድ በቴስተር ሲለካ ወደ 14 ኦም ያሳያል። ምንም ካላነበበ ሽቦው ተበጥሷል። 11 ኦም ካነበበ ደግሞ ምናልባት ከዚህ በፊት የነካው ሰው የተበጠሰውን ሽቦ ቆርጦ አሳጥሮ ቀጥሎታል ማለት ነው። ይህኛው ተንኮለኛ ብልሽት ነው፤ ምጣዱ ይሠራል፣ እንዲያውም ከበፊቱ ይበልጥ ይሞቃል። የሚስበው ግን 16 አምፔር መሆኑ ቀርቶ ወደ 20 ይጠጋል። ተራ ሶኬት የሚችለው 16 ነው። ሴትዮዋ በየሳምንቱ ስፒና እየቀየረች «ዘንድሮ የሚሸጠው ስፒና ጥራት የለውም» ትላለች፤ ችግሩ ግን ሽቦው ላይ ነው።

ይህን ለማወቅ ብዙ ምጣድ መክፈት ያስፈልጋል። ሁሉን የሚሠራ ሰው ወር ላይ ሁለትና ሦስት ምጣድ ቢያገኝ ነው። ምጣድ ብቻ የያዘ ሰው ግን ጥቂት ወራት ውስጥ ሽታውን ሰምቶ ያውቃል። መለዋወጫውም አንድ ቦርሳ ውስጥ ይገባል። የማጥበብ ጥቅሙ እዚህ ነው፦ ብልሽት ፍለጋና መርካቶ ምልልስ ይበላው የነበረው ሰዓት ወደ ገቢ ይዞራል።

ጠባብ ሲባል እስከ ምን ድረስ ነው? «ምጣድ ጥገና» ብል አይበቃም?

አይበቃም። ዕቃውን መርጣችኋል፣ ሰውየውን ግን ገና አልመረጣችሁም። አንድ ዓይነት ምጣድ ለተለያየ ሰው የተለያየ ዋጋ አለው።

የቤት እመቤት ምጣዷ ቢበላሽ ምን ታደርጋለች? ከሱቅ እንጀራ ትገዛለች። ቅዳሜ ባለቤቷ እስኪያየው ትጠብቃለች። ቢዘገይም ትበሳጫለች እንጂ አትከስርም። እንጀራ ለምታስረክብ ሴት ግን ምጣድ ማለት ገቢ ነው። አራት ምጣድ አላት እንበል። አንዱ ምጣድ በሰዓት 15 እንጀራ ቢያወጣና በቀን ስድስት ሰዓት ቢሠራ 90 እንጀራ ነው። ከአንድ እንጀራ 3 ብር ይተርፋታል ብንል፣ አንድ ምጣድ አንድ ቀን ሲቆም 270 ብር አጣች። ጠጋኝ ፈልጋ፣ ተሸክማ ወስዳ፣ ቀጠሮ ጠብቃ እስክትመልሰው ሦስት ቀን ቢሄድ 810 ብር። በዚህ ላይ የተቦካው ሊጥ አይጠብቃትም፤ ያልፍበታል፣ ይኮመጥጣል። ምግብ ቤቱም ሁለት ቀን ከጎደለበት ሌላ አምጪ ይፈልጋል፤ አንዴ ከሄደ ደግሞ ላይመለስ ይችላል።

ስለዚህ ምርጫችሁን ስትጽፉ ሦስት ነገር ይኑረው፦ ማን፣ ምን ሲሆንበት፣ የት። የባለሙያችን እንዲህ ይሆናል፦ ከሳሪስ እስከ ቃሊቲ እንጀራ ለሚያስረክቡ ሰዎች፣ ምጣድ ሲበላሽ በዚያው ቀን እዚያው ቦታቸው ላይ መጠገን። «የት» የሚለውን አትናቁት። አያትና አየር ጤና በአንድ ቀን ደርሶ መመለስ ከተማውን ለሚያውቅ ሰው ቀልድ ነው። ሰፈሩ ካልጠበበ «በዚያው ቀን» የሚለው ቃል ይፈርሳል፤ ያ ከፈረሰ ደግሞ የቀረው ተራ ጥገና ነው።

ሰው ስጠይቅ ሁሉም «ጥሩ ሐሳብ ነው፣ በርታ» ይለኛል። ይህ ገበያ አለ ማለት አይደለም?

አይደለም። ይሉኝታ ያለበት አገር ነው ያለነው። ሰው ፊት ለፊት «አያዋጣህም» ለማለት ይከብደዋል። በተለይ ወጣት መጥቶ ሥራ ልጀምር ነው ሲል የሚጠብቀው ምርቃት ነው፤ ምርቃቱንም ያገኛል። «ይህን ብጀምር ይጠቀሙበታል?» የሚል ጥያቄ መልሱ ከመጠየቁ በፊት የታወቀ ነው።

ስለ ወደፊቱ አትጠይቁ፤ ስላለፈው ጠይቁ። ስላለፈው ጊዜ ለይሉኝታ ብሎ የሚዋሽ ሰው ጥቂት ነው። የሐሳባችሁን ነገር ጭራሽ ሳታነሱ እንዲህ ያለ ወሬ ጀምሩ፦

«እትዬ፣ ምጣድዎ መጨረሻ የተበላሸው መቼ ነው?»
«በጾሙ መግቢያ ነበር መሰለኝ።»
«ያን ቀን ምን አደረጉ?»
«ምን አደርጋለሁ ልጄ፣ በቀሩት ሦስቱ እስከ ሌሊት ጋገርን እንጂ። ልጅቷም አኮረፈችብኝ።»
«ማን ሠራልዎት?»
«አንድ ልጅ ነበር፣ ስልክ አላነሳ አለ። ኋላ በባጃጅ አስጭኜ ወሰድኩት። ሲመለስም አንድ ወገኑ ያሳርራል፣ አንድ ወገኑ አይበስልም። አሁን ዱቄት ማስቀመጫ ሆኗል።»
«ባጃጁም ጥገናውም ስንት ፈጀብዎት?»

ይህች ሴት ስለ እናንተ አንድ የምስጋና ቃል አልተናገረችም። ግን ሁሉን ነግራችኋለች። ችግሩ በቅርቡ ደርሶባታል፣ ለመፍታት ተንቀሳቅሳለች፣ ብር አውጥታለች፣ ውጤቱም አላረካትም። አራቱ አንድ ላይ ሲገኙ ከፋይ ሊሆን የሚችል ሰው አገኛችሁ ማለት ነው። በተቃራኒው «ኧረ መቼ እንደሆነም ረሳሁት፣ ወንድሜ ነው የሚነካካው» ያለችው ሴት ምንም ያህል ብትመርቃችሁ ከፋይ አይደለችም። ቀኑን የማያስታውስ ሰው ችግሩ አልጎዳውም።

የተባለውን በዚያው ቀን ማታ ደብተር ላይ ጻፉ። ሰባትና ስምንት ሰው ካለፈ በኋላ ወሬው ይቀላቀልና የምንፈልገውን ብቻ ማስታወስ እንጀምራለን።

ታዲያ የሚከፍሉ መሆናቸውን በምን አረጋግጣለሁ?

በቀብድ። ቤት ስንከራይ፣ ድንኳን ስናዝ፣ የሠርግ ልብስ ስናሰፋ ቀብድ እንከፍላለን። ስለዚህ ማንም «ይህ ምን ዓይነት ጥያቄ ነው» አይላችሁም። ወሬ ነፃ ነው፤ ቀብድ ግን ከኪስ ይወጣል።

መጀመሪያ የምትሸጡት ነገር ቁርጥ ያለ ይሁን። የባለሙያችን ውል ይህን ይመስላል። ለአንድ ምጣድ በወር 60 ብር፤ ስለዚህ አራት ምጣድ ያላት ሴት 240 ትከፍላለች። ለዚህ በወር አንድ ቀን መጥቶ ሁሉንም ይፈትሻል፤ የላላ ብሎን ያጠብቃል፣ የጠቆረ ስፒና ለይቶ ያሳያል፣ ኦሙን ለክቶ ይመዘግባል፣ የምጣዱ አካል ኤሌክትሪክ እንዳያስተላልፍ የመሬት መስመሩን ያያል። ይህ የመጨረሻው ቀላል ነገር አይደለም፤ ጋጋሪ እጇ ሁልጊዜ እርጥብ ነው። በመሐል ምጣድ ቢበላሽ በዚያው ቀን ይመጣል፣ የእጅ ዋጋ አይጠይቅም። መለዋወጫው በደንበኛዋ ወጪ ነው።

ዋጋው ከየት መጣ? ከእሷ ኪሳራ። ከጥያቄዎቹ የተገኘው አራት ምጣድ ካለበት ቤት አንዱ በሁለት ወር አንዴ ይበላሻል የሚል ነው እንበል። አንድ ብልሽት 810 ብር ያስከስራታል። በሁለት ወር 480 ከፍላ ያን ኪሳራ ወደ ግማሽ ቀን ዝቅ ካደረገችው ታተርፋለች። ባለሙያችን መጀመሪያ በልቡ የነበረው ለአራት ምጣድ በወር 800 ብር ነበር። በሁለት ወር 1,600 ማለት ነው። 810 ብር ለማዳን 1,600 የሚከፍል ነጋዴ የለም። ይህን ስሌት ሳይሠራ ቢወጣ ኖሮ ሁሉም «እናስብበት» ይሉት ነበር፤ እሱም ገበያው የለም ብሎ ይመለስ ነበር። ያልነበረው ግን ገበያው ሳይሆን ዋጋው ነበር።

አሁን ቀብዱ። «ከፊታችን ሰኞ የመጀመሪያውን ፍተሻ እጀምራለሁ። ቦታ የምይዘው ለተወሰነ ሰው ስለሆነ የወሩን ግማሽ ዛሬ በቴሌብር ይላኩልኝ። ካልመጣሁ ብርዎን እመልሳለሁ።» ይህን ብሎ ዝም ማለት ነው። ብዙ ሰው የሚሳሳተው ዝም ባለማለት ነው፤ ደንበኛው ሲያመነታ «ግዴለም፣ በኋላም ይሆናል» ይላል። ያኔ ሙከራው እዚያው አበቃ። ስልኳን አውጥታ ከላከች መልስ አገኛችሁ። «ባለቤቴን ላማክር» ካለች ቀጠሮ ያዙና አንዴ ተመለሱ። ሁለተኛም ካማከረች መልሱ አይሆንም ነው፤ በጨዋ ደንብ የተነገረ አይሆንም።

ዘመድ፣ ጎረቤትና የማኅበር ሰው የከፈለውን ቀብድ ከቁጥር አታስገቡት። እነሱ የከፈሉት ለእናንተ ነው፣ ለሥራው አይደለም።

ስንት ሰው ጋ ልሂድ? ምን ያህል ጊዜስ ልሞክር?

ለእንዲህ ያለ የሰፈር ሥራ 15 የማታውቋቸው ጋጋሪዎችና ሁለት ወር ጥሩ መነሻ ነው። ከመውጣታችሁ በፊት አንድ ነገር ወረቀት ላይ ጻፉ፦ ስንት ሰው ቀብድ ከከፈለ እቀጥላለሁ? ባለሙያችን «ከ15 አራት» ብሎ ቢጽፍ ምክንያታዊ ነው። ቁጥሩን ቀድሞ መጻፍ የሚጠቅመው ከራስ ስለሚጠብቅ ነው። አንድ ሰው ብቻ ከፍሎ ሲገኝ «ጅምሩ ነው፣ ይጨምራል» ማለት የሰው ልጅ ጠባይ ነው።

ሁለት ወር ያልነው ደግሞ ሁለተኛው ክፍያ እንዲታይ ነው። የመጀመሪያው ወር ክፍያ ተስፋን ይለካል። የሁለተኛው ወር ክፍያ አገልግሎታችሁን ይለካል። አራት ሰው ከፍሎ በሁለተኛው ወር አንድ ብቻ ከቀጠለ፣ ቀብድ ካልከፈሉት ይልቅ ያቋረጡትን ሦስቱን ሄዳችሁ አነጋግሩ። የሚያስተምር ነገር ያለው እነሱ ጋ ነው።

ጊዜውን ምረጡ። የፋሲካና የእንቁጣጣሽ ዋዜማ ሳምንት አትሞክሩ። በዚያ ሰሞን ጋጋሪው ሁሉ ሌት ተቀን ይሠራል፣ ብልሽቱም ይበዛል፣ የተጠየቀውን ዋጋ ይከፍላል። በዓሉ ሲያልፍ ግን ያ ሁሉ ጥድፊያ ይተናል። ተራ በሆነ ወር የከፈለ ሰው ነው ሥራችሁን የሚያቆመው።

የሚከፍሉ ሰዎች አገኘሁ። ግን ቁጥራቸው ኑሮዬን ይችላል?

ይህ ጥያቄ ብዙ ጊዜ ሳይጠየቅ ይታለፋል። የሚከፍል ሰው መኖሩ አንድ ነገር ነው፤ በቂ መሆኑ ሌላ።

ባለሙያችን ሁሉን እየሠራ ወጪው ተነሥቶ በወር 15,000 ብር ይቀረዋል እንበል። በምጣድ 60 ብር ያን ለማግኘት 250 ምጣድ ያስፈልገዋል። ጊዜው ይበቃዋል ወይ? አንዱን ምጣድ በአሥር ደቂቃ ቢፈትሽ በወር ወደ 42 ሰዓት ነው። ከአራት ምጣድ አንዱ በሁለት ወር የሚበላሽ ከሆነ ከ250ው በወር 31 ያህሉ ይበላሻል። መንገዱን ጨምሮ ለአንዱ ሁለት ሰዓት ብንሰጥ 62 ሰዓት። በድምሩ 104 ሰዓት፤ ለአንድ ሰው ይቻላል።

ቀጥሎ ሰፈሩን በእግር መዞር ነው። ባለሙያችን ዞሮ ሦስት፣ አራት፣ አምስት ምጣድ ያላቸው 30 ያህል ቤቶች አገኘ፤ ወደ 120 ምጣድ። አሥር ያህል ትልልቅ ቤቶችም አሉ፣ እያንዳንዳቸው ከአሥር ምጣድ በላይ፤ እነሱም ሌላ 120 ያህል። ወረቀት ላይ 240 ነው፤ ከሞላ ጎደል ይደርሳል።

ሙከራው ግን ሌላ ነገር ያሳያል። ትልልቆቹ ቤቶች ተጠባባቂ ምጣድ ከግድግዳው ተደግፎ አለ። አንዱ ሲበላሽ አንሥተው ይተኩታል። «በዚያው ቀን እመጣለሁ» የሚለው ቃል ለእነሱ ምንም አያድንም። አንድ ወይም ሁለት ምጣድ ያላቸው ደግሞ ወርሃዊ ክፍያ ይከብዳቸዋል። ከፋዮቹ መሐል ላይ ያሉት ናቸው፤ ብልሽት የሚጎዳቸው፣ ተጠባባቂ ያላስቀመጡ። ስለዚህ 240 የነበረው 120 ሆነ። ሁሉም እንኳ ቢስማሙ በወር 7,200 ብር ነው። ሁሉም ደግሞ አይስማሙም።

ይህ መጥፎ ዜና አይደለም፤ ቀድሞ የተገኘ ዜና ነው። ባለሙያችን ሱቁን ዘግቶ ታፔላውን ቀይሮ ቢሆን ኖሮ ይህን የሚያውቀው በስድስተኛው ወር የቤት ኪራይ ሲያጣ ነበር። አሁን ግን ሁለት የሚቆጠር መንገድ አለው። አንደኛው ደንበኞቹን ሳይቀይር ሌላ ሥራ መጨመር ነው፤ ለምሳሌ ለእያንዳንዱ ምጣድ ከነብሬከሩ ራሱን የቻለ መስመር መዘርጋት። ይህ አንዴ የሚከፈል ጠቀም ያለ ሥራ ነው፤ የስፒናና የሶኬት መቅለጥንም ይቀንሳል። ሁለተኛው ሥራውን ሳይቀይር ሰፈሩን ማስፋት ነው፤ ያኔ ግን ሞተር ሳይክል ያስፈልጋል፣ ስሌቱም እንደገና ይሠራል። እኔ በመጀመሪያው እጀምር ነበር። የሚያምናችሁ ሰው ቤት ውስጥ ሁለተኛ ሥራ ማግኘት ከአዲስ ሰው ቀብድ ከመቀበል ይቀላል።

ሙከራው ካልተሳካ ሐሳቡን ልጣለው?

ከመጣላችሁ በፊት እንዴት እንዳልተሳካ ተመልከቱ። ውድቀቱ ሁሉ አንድ ዓይነት አይደለም።

ችግሩን ማንም ካላስታወሰ፣ ሥራው ራሱ የለም፤ ተዉት። ችግሩን በምሬት እየተናገሩ ቀብድ ካልከፈሉ፣ ወይ ዋጋው ወይ የክፍያው መንገድ አልተስማማም። ወርሃዊ ክፍያ የከበዳት ሴት «ሲበላሽ ና፣ 400 እከፍልሃለሁ» ልትል ትችላለች፤ ያም ብር ነው። ከፍለው ካልቀጠሉ አገልግሎቱን መርምሩ፤ ብዙ ጊዜ ሰበቡ «እመጣለሁ» ብሎ መቅረት ነው።

አንድ ሌላ አለ፣ ደስ የሚለው። ሰዎቹ ያልሸጣችሁትን ነገር ሊገዙ ይጠይቃሉ። «አንተን ከምጠብቅ ሲበላሽብኝ የምጋግርበት ተለዋጭ ምጣድ አምጣልኝ፣ ኪራዩን እከፍላለሁ» ያለች ሴት አዲስ ሥራ እየነገረቻችሁ ነው። ሦስት የማይተዋወቁ ሰዎች ያንኑ ካሉ ቀጣዩን ሙከራ እሱ ላይ አድርጉት። ሲቀየር ግን አንድ ነገር ብቻ ይቀየር። ዋጋውንም፣ ሰዉንም፣ ሥራውንም በአንዴ ከቀየራችሁ የትኛው እንደሠራ አታውቁም።

በሙከራው ጊዜ ሌላውን ሥራ ላቁም?

አታቁሙ። ታፔላውም ይቆይ፣ ካውያውም ይምጣ። የምትቀንሱት ብዙ ሰዓት በልቶ ትንሽ የሚከፍለውን ነው። ለባለሙያችን ያ ቴሌቪዥን ነው። ቴሌቪዥን ሲመጣ በዚያው መንገድ ላይ ላለው ጓደኛው ይልካል፤ ጓደኛውም ምጣድ ሲመጣበት ወደ እሱ ይልካል። ኮሚሽን መተሳሰብ ካለ ቀድሞ በግልጽ ይነገር። የቀድሞ ደንበኛችሁም «የሚሠራልህን ሰው ላሳይህ» ሲባል አይቀየምም፤ የሚቀየመው ዕቃው ሳምንት ተቀምጦ ሳይሠራ ሲመለስለት ነው።

ሱቁን መቼ እንደምትለውጡ የሚነግራችሁ ገቢው ነው። ሁለት ተከታታይ ተራ ወራት የምጣዱ ገቢ ከሌላው ሁሉ ከበለጠ፣ ያኔ ሠዓሊ ጥሩና ታፔላውን አስጽፉ።

ሌላ ጠጋኝ ሐሳቤን ቢወስድብኝስ?

ይወስዳል። ሐሳቡን መደበቅ አይቻልም፣ በር ለበር ነው የምትነግሩት። የማይወሰደው ደብተራችሁ ነው። የማን ምጣድ በየካቲት 14 ኦም አንብቦ በሚያዝያ 16 እንደደረሰ የምታውቁት እናንተ ናችሁ። ሽቦ እየሳሳ ሲሄድ ኦሙ ይጨምራል፣ ሙቀቱም ይቀንሳል። «እትዬ፣ የሦስተኛው ምጣድ ሽቦ ከበዓሉ በፊት ይቀየር፣ አለዚያ በዋዜማው ይበጠሳል» ብሎ አስቀድሞ የሚነግር ሰው በ10 ብር ቅናሽ አይተካም።

የእኔ ሥራ ጥገና አይደለም፣ ግራፊክ ዲዛይነር ነኝ። ይህ ይሠራልኛል?

መንገዱ ያው ነው፤ የሚከስረውን ሰው ፈልጉ። «ሎጎ፣ ቢዝነስ ካርድ፣ ባነር፣ ቪዲዮ» ከማለት ዋጋ ቶሎ ቶሎ የሚቀያየርባቸውን ምግብ ቤቶች እዩ። ሜኑው ላይ ዋጋው በእስክሪብቶ ተሰርዞ ወይም ስቲከር ተለጥፎበት ካያችሁ ችግሩ በዓይን የሚታይ ነው። ባለቤቱን ሜኑውን መጨረሻ ያሳተመው መቼ እንደሆነ፣ ስንት እንደከፈለና ለምን ድጋሚ እንዳላሳተመ ጠይቁ። ከዚያ ዋጋ ሲቀየር በማግስቱ ታትሞ የሚደርስ ገጽ በስንት እንደምታቀርቡ አስሉና ቀብድ ጠይቁ። «ዲዛይንህ ያምራል» የሚለውን እንደ መልስ አትቁጠሩት።

ሙከራው አለፈ። ዋጋ መቼ ልጨምር?

ነባሮቹ ላይ ወዲያው አትጨምሩ፤ ያመኗችሁ ስም ሳይኖራችሁ ነው። አዲስ ለሚመጣው ሰው ግን ከ60 ወደ 70 አድርጋችሁ ሞክሩ። አምስት አዲስ ሰዎች ሳያንገራግሩ ከከፈሉ የእናንተ ዋጋ 70 ነው። ለነባሮቹ ከአንድ ወር በፊት ነግራችሁ አስተካክሉ። አዲሶቹ ካንገራገሩ ወደ 60 ተመለሱና የሽቦና የስፒና ግዢያችሁን በጅምላ አድርጉት፤ ትርፉ ከዚያም በኩል ይመጣል።